የባንኩ መልእክት መጣ፣ ብሩ ግን አልመጣም፤ 18,600 ብር ቀለም ተጭኖ ሄደ

የቀለም ሱቅ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ ትንሽ የቀለም ሱቅ አለኝ። የፋሲካ ሰሞን ለእኛ ገበያው የሚደራበት ጊዜ ነው፤ ቤቱን መቀባት ያቃተው ቢያንስ በሩን ይቀባል። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4፣ ለቅሶ ለመድረስ አሰላ ሄድኩ። ሱቁን ለአክስቴ ልጅ ትቼለት ነው። 19 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው።

ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል አልፎ ልጁ ደወለ። «አንድ ሰውዬ የ18,600 ብር ቀለም ገዝቷል፣ በንግድ ባንክ ልኬያለሁ ብሎ ስልኩን አሳይቶኛል፣ ባጃጅ ላይ እየጫነ ነው፣ ገብቶልሻል?» አለኝ። እያወራን ስልኬ ጢን አለ። ለቅሶ ላይ ነኝ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ በጨረፍታ አየሁት። ስሜ አለ፣ ብሩ ልክ ነው። «ገብቷል፣ ስጠው» አልኩ።

ማታ ለአከፋፋዩ ልከፍል ብል ሂሳቤ ላይ ያለው 7,412 ብር ከ35 ሳንቲም ነው። ጠዋትም ይኸው ነበር። መልእክቱ ይህ ነው፣ ስሜን አጥፍቼዋለሁ፦

```
Dear ****, your Account 1********4471 has been Credited
with ETB 18,600.00 on 12/04/2025 at 16:38:20
with Ref No FT25064XXXXX.
Your Current Balance is ETB 41,250.00.
```

አሁን ረጋ ብዬ ሳየው የላከው ተራ የ09 ቁጥር ነው። ሲደወልለት ዝግ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ሰውዬው ሙሉ ስሜን ከነአያቴ እንዴት አወቀ? ሌላው፣ ስልኩ እኔ ጋ ሆኖ ልጁ ብቻውን ሱቅ ሲውል ብሩ መግባቱን በምን ያረጋግጥ?

---

ኪዳን 07

እህቴ አካውንትሽ ተጠልፏል ማለት ነው። ቶሎ ፒን ቀይሪ፣ ሲም ካርዱንም አውጪና ጣዪው።

---

ከካውንተር ጀርባ

ኪዳን፣ ከሂሳቧ የወጣ ነገር የለም እኮ። 7,412 ጠዋትም ማታም አለ። የተታለለችው ዕቃዋን ነው። ሲሟን አትጣል።

እህት፣ ባንክ ቤት ካውንተር ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ እንደዚህ ዓይነት ስልክ ይዘው «ብሬ የት ገባ?» የሚሉኝ ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ። መልእክትሽን አብረን እናንብበው።

መጀመሪያ ቀሪ ሂሳቡን እዪ። 7,412.35 ነበረሽ። 18,600 ቢጨመርበት 26,012.35 ይሆናል። እሱ የጻፈልሽ 41,250.00 ነው። ሌባው ስምሽን ያውቃል፣ የአካውንት ቁጥርሽን ያውቃል፣ ኪስሽ ውስጥ ስንት እንዳለ ግን አያውቅም። ስለዚህ ወይ ቀሪውን ከነጭራሹ ይተወዋል፣ ወይ እንደዚህ ይገምታል። ደግሞ ሲገምት ድፍን ቁጥር ይወዳል። ቀን ሙሉ ሲሸጥበት በዋለ ሂሳብ ላይ ሳንቲም የሌለው ቀሪ ስታዪ ቆም በይ።

ሁለተኛው FT የሚለው ቁጥር ነው። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱ ናቸው፤ 25፣ ማለትም 2025። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረ የቀን ቁጥር ናቸው። ያንቺው 064 ይላል። ጃንዋሪ 31፣ ፌብሩዋሪ 28፣ ድምሩ 59፤ አምስት ጨምሪበት፣ ማርች 5 ላይ ታርፊያለሽ። መልእክቱ ግን ኤፕሪል 12 ነው የሚለው። ለዚያ ቀን 102 መሆን ነበረበት። ሰውዬው ከወር በፊት ከሌላ ሰው ያገኘውን እውነተኛ መልእክት ገልብጦ፣ ስሙንና ብሩን ቀይሮ፣ FTውን መቀየር ረስቷል።

ይህን ስነግርሽ ግን አንድ ነገር ያዢ። ቀኑ ባይገጥም ጠርጥሪ፤ ገጠመ ብለሽ ግን አትመኚ። የሚቀጥለው ሌባ 102 ብሎ መጻፍ አያቅተውም።

ስምሽን ያወቀው በቀላሉ ነው። ሱቅሽ ግድግዳ ላይ የአካውንት ቁጥር ለጥፈሽ የለ? ማንም ሰው ያንን ቁጥር የባንኩ መተግበሪያ ላይ ሲያስገባ፣ ብሩን ሳይልክ በፊት፣ የተቀባዩ ስም ይወጣለታል። ያ የተሠራው ለተሳሳተ ሰው እንዳይላክ ነው። ሌባው ስሙን አይቶ ይወጣል፣ አይልክም። ስልክ ቁጥርሽ ደግሞ ታፔላው ላይ አለ ብዬ እገምታለሁ።

---

የቀለም ሱቅ፣ አዳማ

ኧረ አለ። በቀይ፣ በትልቁ።

---

ናቲ ቴክ

ይሄ እኮ ቀላል ነው። የላከውን ማየት ብቻ ነው። ከላይ CBE ካለ እውነት፣ የ09 ቁጥር ከሆነ ውሸት። ቴሌብር ከሆነ 127 ይላል። አለቀ። ይህን ልጁ ቢያውቅ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር።

---

ከካውንተር ጀርባ

ናቲ ግማሹ ልክ ነህ። የ09 ቁጥር ከሆነ ውሸት ነው፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ችግሩ ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው። ስልካችን ላይ ላኪ ሆኖ የሚታየው ስም፣ መልእክቱን የላከው ሥርዓት የጻፈው ጽሑፍ ነው። በጅምላ መልእክት የሚልኩበት መንገድ ያለው ሰው የፈለገውን ስም ሊለጥፍበት ይችላል። ስልኩ ደግሞ የዋህ ነው፤ ስሙ አንድ ዓይነት ከሆነ ከድሮዎቹ እውነተኛ መልእክቶች ሥር ደርድሮ ያስቀምጥልሃል። በየአገሩ ባንኮች ስም የተሠራበት ማታለያ ነው። እዚህ ተራው ሌባ በ09 ነው የሚሠራው፣ እውነት ነው። ግን 60 ሺህ ብር ዕቃ የሚጭን ሰው እንደ ተራው ላይሆን ይችላል።

ደግሞ ልጁ ያየው የእሷን ስልክ አይደለም፣ የገዢውን ስልክ ነው። ላኪው ማን እንደሆነ እሱ በምን ያያል?

---

ናቲ ቴክ

እሺ እሱንስ ልክ ብለሃል። ግን ለ500 ብር ዕቃ ማን በጅምላ መልእክት ይለፋል? ለትንሽ ነገር የኔው በቂ ነው ባይ ነኝ።

---

የመርካቶው

ልጄ አይዞሽ። እኔ መርካቶ ስነግድ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። ድሮ የሚያታልሉን በሐሰተኛ ኖት ነበር፣ ብርሃን ላይ አንስተን እናየው ነበር። አሁን የማይነሳ ነገር መጣ።

እኛ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ መልእክት አይነበብም። የመጣውንም፣ ገዢው የሚያሳየውንም። ገንዘብ ተቀባይዋ ራሷ *889# ደውላ ቀሪውን ታያለች። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ተራ የቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራል። ጠዋት የነበረውን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ብር በገባ ቁጥር አዲሱን ቀሪ ከሥሩ። ልዩነቱ የዕቃው ዋጋ ካልሆነ ዕቃው ከመጋዘን አይወጣም። ገዢው ቢቆጣም ሻይ አዝዤ አስቀምጠዋለሁ። ሻይ ከ18 ሺህ ብር ይረክሳል።

አንድ ጊዜ ምን ሆነ መሰለሽ፤ መልእክቱም እውነት፣ የመጣውም ከባንክ፣ ብሩም ገብቷል። ግን 1,450 ብር ነው የገባው። ገዢው ስልኩ ላይ ያሳየን 14,500 ነበር። ልጅቷ የጢንታውን ድምፅ ሰምታ ልትጭን ነበር፤ ደብተሩ ነው ያዳናት።

---

ከካውንተር ጀርባ

ጋሼ የተናገሩት ይህ የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ትንሽ ብር እውነተኛ ልኮ ድምፁን ማሰማት። ስልኩ ጮኸ ማለት ያ ሁሉ ብር ገባ ማለት አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልመለስ፣ እህት። ልጁ ስልክሽም ፒንሽም ሳይኖረው የንግድ ባንክን ዝውውር ማየት የሚችልበት መንገድ አለ። ባንኩ ለእያንዳንዱ ዝውውር ደረሰኝ የሚያወጣበት ገጽ አለው። ልጁ በራሱ ስልክ፣ በራሱ እጅ ይህን ይጽፋል፦

```
https://apps.cbe.com.et:100/?id=FT25102XXXXX12345678
```

ከ`id=` በኋላ ገዢው የሚሰጠውን የFT ቁጥር ሙሉውን፣ ከዚያ ክፍተት ሳይተው ያንቺን አካውንት የመጨረሻ ስምንት አሃዝ። ዝውውሩ ካለ የባንኩ ደረሰኝ ይከፈታል። ከሌለ የለም። ያንን መልእክት የላከልሽ ሰው የዚያን ቀን እንዲህ ቢደረግበት፣ የማርች 5ቱ የሌላ ሰው ስለሆነ ካንቺ አካውንት ጋር አይገጥምም ነበር።

ሲከፈት ልጁ አራት ቦታ ይመልከት። ተቀባዩ አንቺ ነሽ ወይ? የአካውንቱ መጨረሻ ያንቺ ነው ወይ? ቀንና ሰዓቱ የአሁን ነው ወይ? የተላለፈው ብር የሚለው መስመር ላይስ ስንት አለ? ከታች አጠቃላይ የሚል ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ የተጨመረበት ስለሆነ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እሱን አያንብብ።

ሊንኩን ገዢው ከላከለት ወይም ከገዢው ስልክ ላይ ኪውአር ካነሳ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የውሸት ገጽ ሠርቶ ሊያስከፍተው ይችላል። አድራሻው ልጁ ስልክ ላይ ተቀምጦ ይቆይ፣ የሚለወጠው የFT ቁጥሩ ብቻ ይሁን።

---

ብርቄ፣ ሐዋሳ

እኔ በቴሌብር ነው የምሸጠው፣ የሕፃናት ልብስ። ለቴሌብርም አለ እንዲህ ዓይነት ገጽ፦

```
https://transactioninfo.ethiotelecom.et/receipt/
```

ከመጨረሻው የግብይት ቁጥሩን ትጨምሪበታለሽ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ *127# ደውዬ ቀሪዬን ነው የማየው።

የኔ ነገር ግን ሌላ ነበር። አንዷ ደወለችልኝና «እህቴ ተሳስቼ 3,000 ብር ላንቺ ልኬ፣ የልጄ መድኃኒት ነው፣ በእመቤቴ» ብላ አለቀሰች። መልእክቱ መጥቷል። ዛሬ ቢሆን አላምንም፤ ያኔ ግን አንጀቴ ተላወሰ፣ መልሼ ላክሁላት። ለካ መጀመሪያ የላከችው ነገር የለም፣ የላክሁት የራሴን ነው። ዕቃ ባትሰጪም ትሰረቂያለሽ ለማለት ነው። ቀሪሽን ሳታዪ መመለስ የለም። እውነት ተሳስቶ የላከም ካለ ወደ ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት ይደውል፣ በእነሱ በኩል ይመለስለት።

---

ደንበኛ ነኝ

ሁላችሁም ነጋዴ ስለሆናችሁ እኔ ከወዲያ በኩል ላውራ። ባለፈው ወር ለልጄ ብስክሌት ልገዛ ሄድኩ። የኔ ባንክ ሌላ ነው፣ የባለሱቁ ሌላ። ላክሁ፣ ከሂሳቤ ተቆረጠ፣ እሱ ጋ ግን አልደረሰም። ባለሱቁ «ሌባ ነህ» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ። ብሩ የደረሰው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። «የለም» ማለት «ሌባ» ማለት አይደለም፣ እባካችሁ።

---

ከካውንተር ጀርባ

ልክ ነህ፣ ይቅርታ ይገባሃል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ መሀል ላይ ሌላ ሥርዓት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይደርሳል፣ አንዳንዴ ግን ላኪው ጋ ተቆርጦ ተቀባዩ ጋ ሳይታይ ይቆያል። መልእክትም እንዲሁ ነው። ብሩ ገብቶ መልእክቱ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣበት ቀን አለ። ለዚህ ነው መልእክት መጥቷልም፣ አልመጣምም መለኪያ የማይሆነው።

ባለሱቁ ማለት የነበረበት «እስካሁን አላየሁትም፣ ብስክሌቱን በስምህ አስቀምጬልሃለሁ፣ ሲገባ እደውልልሃለሁ» ነበር። እውነተኛ ገዢ ብሩ ተቆርጦበታልና የትም አይሄድም። ሌባው ግን «ባጃጁ እየቆጠረብኝ ነው» ይላል።

---

ባጃጅ 21

ባጃጁን ለቀቅ 😄 እኛም ሳናውቅ ነው የምንጭነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዕቃውን የጫነው ባጃጅ ቢገኝ የወረደበትን ቦታ ያውቃል። ልጁ ታርጋውን ወይም የሹፌሩን መልክ አያስታውስም?

---

የቀለም ሱቅ፣ አዳማ

ሰማያዊ ነው ይላል። እዚህ ሁሉም ሰማያዊ ነው።

ፖሊስ ጋ ሄጃለሁ። መልእክቱን እንዳላጠፋው ነገሩኝ፣ ቁጥሩን መዝግበዋል። ሲሙ የወጣበት ሰው ሌላ ሊሆን እንደሚችልም ነገሩኝ። እየጠበቅኩ ነው።

ከካውንተር ጀርባ፣ ሊንኩን ሞከርነው። ልጁ ትናንት አንድ እውነተኛ ገዢ ላይ አየው፣ ደረሰኙ ወጣ። ከሰዓት ግን ኔትወርኩ ደክሞ ገጹ አልከፈት አለ። ያኔ ምን ያድርግ?

---

ከካውንተር ጀርባ

ያኔ ላንቺ ይደውል። አንቺ ደግሞ መልእክቱን ሳይሆን መተግበሪያውን ወይም *889#ን ክፈቺና ቀሪውን እዪ። ለቅሶ ላይም ቢሆን ወጣ ብለሽ። ሁለታችሁም ማየት ካልቻላችሁ ዕቃው አይወጣም። ሌላ መልስ የለኝም።

አንድ የቀረ ነገር፣ ትናንት የተከፈለበትን እውነተኛ ደረሰኝ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞት ሊመጣ ይችላል። ቀኑን ማየት ለዚህ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቴ እንዳይቀርብ ደግሞ ልጁ የFTውን የመጨረሻ አምስት ፊደልና ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፍ።

---

የመርካቶው

ለምን ለሱቁ የተለየ አካውንት አትከፍችም? ትንሽ ስልክ ገዝተሽ ሱቅ ውስጥ ይዋል፣ ፒኑን ልጁ ይያዘው፣ ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ ወደ ዋናው ሂሳብሽ ታዛውሪያለሽ። እኔ እንዲህ ነው ያደረግሁት።

---

ናቲ ቴክ

ጋሼ ልጁ የቀኑን ሽያጭ ይዞ ቢጠፋስ? ደግሞ ፒን ለሌላ ሰው መስጠት ራሱ ትክክል አይደለም።

---

የመርካቶው

የቀኑን ሽያጭ ይዞ የሚጠፋ ልጅ በጥሬ ገንዘብም ይጠፋል። ሱቁን አምነሽ ከሰጠሽው ሳጥኑንም ሰጥተሽዋል። ዋናው ሂሳብ እሱ እጅ አለመግባቱ ነው።

---

ከካውንተር ጀርባ

ጋሼ እዚህ ላይ አልስማማም። ፒኑ በእሷ ስም ነው፣ ልጁ አንድ ነገር ቢያደርግ እኔ አይደለሁም ማለት አትችልም። አካውንቱን በልጁ ስም ቢከፍቱት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የደረሰኙ ገጽ ይሻላል ባይ ነኝ።

---

ብርቄ፣ ሐዋሳ

18,600ውን ከልጁ ደመወዝ ትቆርጫለሽ እንዴ? እንዳትቆርጪ። «ስጠው» ያልሽው አንቺ ነሽ።

---

ኪዳን 07

ግማሽ ግማሽ ይካፈሉ። እሱም እኮ ስልክ ላይ የታየ ሥዕል አምኗል።

---

የቀለም ሱቅ፣ አዳማ

አልቆርጥም። እሱ ግን ራሱ «ቁረጪ» ብሎ እንቢ አለኝ፣ ከእናቱ ጋር ልንነጋገር ነው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ስድስት ጋሎን ሊገዛ መጣ፣ በሌላ ባንክ ላከ። አልገባም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆምን። ልጁ ወንበር አወጣለት፣ ውኃ ሰጠው፣ ቀለሙን በስሙ ጥግ ላይ አስቀመጠለት። ሰውዬው ፊቱን አጥቁሮ ነበር። ብሩ ሲገባ ልጁ ቀሪውን ደብተሩ ላይ ጻፈና «ይጫን» አለ።

ስልክ ቁጥሬንም ከታፔላው ላይ አጥፍተነዋል። ልጁ ከሱቁ ቢጫ ቀብቶበት ነው፤ ቀለሙ ከታፔላው ጋር አልገጠመም፣ ከሩቅ ያስታውቃል።

---

ባጃጅ 21

ቁጥሩን አጥፍተሽው ደንበኛ በምን ይደውልልሽ? እኔ ራሴ ቀለም ፈልጌ ነበር።